ብርን በዩኤስዲቲ ማስቀመጥ፦ መግቢያው ስንት ያስከፍላል፣ ከዶላሩ ሲላቀቅስ ምን ይሆናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ዩኤስዲቲ ስለተባለው ዲጂታል ገንዘብ «ብሩን ቀደም ብሎ ዩኤስዲቲ ላይ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ እጥፍ ሆነለት» የሚል ስሌት ደጋግሞ ይሰማል። ስሌቱ ልክ አይደለም። ዩኤስዲቲን በ57 ብር የሸጠለት ሰው አልነበረማ! ሰዎች በኢንተርኔት መድረክ እርስ በርስ በሚገበያዩበት በፒቱፒ ላይ የሚወጣው ዋጋ የባንክን ሳይሆን የትይዩ ገበያውን ምንዛሪ ነው የሚከተለው። ትይዩ ገበያው ደግሞ ያን ሰሞን ከ110 እስከ 120 ብር አካባቢ ይነገርበት ነበር። ባንኩ ከኋላ መጥቶ ደረሰበት እንጂ ትይዩ ገበያው እጥፍ አልሆነም። በ115 ብር የገዛ ሰው በዚያ ሰሞን የባንኩን ሰሌዳ እያየ ቢደሰትም፣ ሊሸጥ ሲሄድ ያገኘው ዋጋ ከገዛበት ብዙም የራቀ አልነበረም።

እንደ ዩኤስዲቲ ያለ፣ ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ዲጂታል ገንዘብን (ስቴብልኮይን የሚባለውን) እንደ ቁጠባ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ይኸው ነው። የሚገዛው ዶላር ብቻ አይደለም። ባንክ ዶላር እንደልብ ስለማይሸጥ የተፈጠረውን ጭማሪም አብሮ ይገዛል። ያ ጭማሪ አንድ ቀን ከጠበበ፣ ዶላሩ ራሱ ንቅንቅ ሳይል ቆጣቢው ይከስራል።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በኢትዮጵያ ሕጋዊው መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ሆኖ በብር ዩኤስዲቲ የሚገዛ ሰው ቢጭበረበር፣ ሂሳቡ ቢታገድ ወይም መድረኩ ቢዘጋበት አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ይህ ወጪ በመቶኛ አይሰላም፤ ግን ከታች ካሉት ወጪዎች ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖር ሰው ይህ ጉዳይ የተለየ መልክ አለው። እሱ ግን ዶላሩን ወይም ዩሮውን ባንክ ማስቀመጥ ስለሚችል ለቁጠባ ብሎ ስቴብልኮይን የሚይዝበት ምክንያት ያን ያህል አይታየኝም።

አሁን 200,000 ብር ይዘን እንግባ። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፤ ዋናው ነገር በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ፒቱፒ ላይ ሁለት ዋጋ አለ፦ አንተ ስትገዛ ሻጩ የሚጠይቅህ እና አንተ ስትሸጥ ገዢው የሚሰጥህ። የመጀመሪያው 170 ብር፣ ሁለተኛው 164 ብር ይሁን። በ200,000 ብር 1,176.4 ዩኤስዲቲ ይገዛል። ከመድረኩ ወደ ራስህ ዲጂታል ቦርሳ፣ ወደ ዋሌትህ፣ ስታወጣ መድረኩ የማውጫ ክፍያ ይቆርጣል። እንደ መድረኩና ዩኤስዲቲው እንደሚተላለፍበት ኔትወርክ ይለያያል፤ እዚህ 1 ዩኤስዲቲ እንበለው። ዋሌትህ ውስጥ 1,175.4 ገባ። ከጊዜ በኋላ ለመሸጥ ወደ መድረኩ ስትመልሰው ደግሞ የኔትወርክ ክፍያ አለ፤ እሱን 2 ዶላር ብለን ለስሌቱ እንዲመች ከዩኤስዲቲው ብንቀንሰው 1,173.4 ይቀራል። በ164 ሲሸጥ 192,437 ብር ይሆናል።

ምንዛሪው ምንም ሳይቀየር 7,563 ብር ሄደ፤ 3.8 በመቶ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 7,000 ብር ገደማ የሚሆነው በመግዣና በመሸጫ መካከል ባለችው የ6 ብር ልዩነት የጠፋ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኔትወርክ ክፍያ ነው፤ እሱ ግን 500 ብር አይሞላም። መጠኑ ሲያንስ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ዋጋ 20,000 ብር ይዞ የገባ ሰው 117.6 ዩኤስዲቲ ይገዛና 3ቱ በክፍያ ሄደው በ114.6 ይወጣል። 18,794 ብር ነው፤ 6 በመቶ ጠፋ። በየወሩ 5,000 ብር እየገዛ በየወሩ ወደ ዋሌቱ የሚያወጣ ሰውማ ከ29.4 ዩኤስዲቲ ላይ በየጊዜው አንድ እየከፈለ፣ በማውጫ ክፍያ ብቻ ከ3 በመቶ በላይ ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ሦስት አራት ወር መድረኩ ላይ አጠራቅሞ አንዴ ማውጣት አለበት፣ ወይ ደግሞ ነገሩን መተው። መድረኩ ላይ ማጠራቀም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ መድረኩ ከቆመ ገንዘቡም አብሮ ይቆማል።

200,000 ብር ይዞ ለገባው ሰው ስንት ሲሆን ነው የሚያዋጣው? የመጀመሪያውን 200,000 ብር ብቻ ለመመለስ የመሸጫ ዋጋው ከ164 ወደ 170.4 መውጣት አለበት። ብሩ በባንክ ተቀምጦ ቢሆን፣ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ተብሎ በተቀመጠው 7 በመቶ በዓመቱ 214,000 ይሆን ነበር። ይህን ለመስተካከል የመሸጫ ዋጋው 182.4 መድረስ አለበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የ11 በመቶ ጭማሪ። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚገኘውን ከፍ ያለ ወለድ ከወሰድን ደግሞ መስመሩ ከዚህም ይርቃል። ብር ከዚያ በላይ የወደቀባቸው ዓመታት ስላሉ ነገሩ አይሆንም አልልም። ነገር ግን ለስድስት ወር ብሎ መግባት አብዛኛውን ጊዜ ለፒቱፒ ነጋዴው መሥራት ነው።

ስለ ኔትወርክ ክፍያው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጣበቀው እዚህ ነው። እኛ አገር የሚዘዋወረው ዩኤስዲቲ በብዛት ትሮን በተባለው ኔትወርክ ላይ ያለው ነው፤ መድረኩ ስክሪን ላይ TRC20 ተብሎ የሚታየው። ትሮን ላይ ዩኤስዲቲ ስትልክ ክፍያው የሚቆረጠው ከዩኤስዲቲህ አይደለም፤ TRX ከሚባለው የኔትወርኩ የራሱ ሳንቲም ነው። ዋሌትህ ውስጥ 1,175 ዩኤስዲቲ ኖሮ TRX ከሌለ አንዲት ሳንቲም ማንቀሳቀስ አትችልም። ሰዎች ይህን የሚያውቁት ገንዘቡ በአስቸኳይ በሚያስፈልጋቸው ቀን ነው።

መጠኑም የሚወሰነው በምትልከው ገንዘብ ሳይሆን በተቀባዩ አድራሻ ነው። ተቀባዩ አድራሻ ላይ ከዚህ በፊት ዩኤስዲቲ ካለ አንድ መላኪያ የኔትወርኩ የሥራ መለኪያ ከሆነው «ኢነርጂ» 65,000 ገደማ ይበላል፤ አድራሻው ባዶ ከሆነ ወደ 130,000 ይጠጋል። ትሮን በ2025 እ.ኤ.አ. የኢነርጂ ዋጋውን ከቀነሰ በኋላ ይህ 6.5 እና 13 TRX ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ገና ስትጀምር ከዩኤስዲቲው ጋር 30 TRX ያህል አብረህ ወደ ዋሌትህ ማውጣት ኋላ ከሚመጣ ራስ ምታት ያድናል። ዋሌቱ ላይ «USDT» የሚል ስም ማየት ብቻ አይበቃም፤ በዚያው ስም ሐሰተኛ ሳንቲም መፍጠር ለማንም ቀላል ነው። ትክክለኛው ዩኤስዲቲ ትሮን ላይ የሚለይበት የኮንትራት አድራሻ ይህ ነው፦

```
TR7NHqjeKQxGTCi8q8ZY4pL8otSzgjLj6t
```

ሌላው ወጥመድ አድራሻ ከታሪክ ዝርዝር ላይ መቅዳት ነው። አንዴ ከላክህ በኋላ፣ አንተ ከላክህበት አድራሻ ጋር የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቱ የሚመሳሰል አድራሻ ዜሮ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ልኮልህ ታገኛለህ። የሚጠብቀው በሚቀጥለው ጊዜ «ባለፈው የላክሁበት» ብለህ እሱን እንድትቀዳ ነው። ዋሌቶች መሃሉን በነጥብ ቆርጠው ስለሚያሳዩ ዓይን ይሸወዳል። አድራሻውን ሁልጊዜ ከመድረኩ ገጽ እንደ አዲስ መቅዳት፣ መሃሉን ስድስት ሰባት ፊደል ማመሳከር፣ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 5 ዩኤስዲቲ ልኮ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። የሁለተኛው መላኪያ ተጨማሪ ሁለት ዶላር ብዙ የሚያጸጽት አይደለም።

ፒቱፒው ራሱ የሚያመጣው መዘዝ ደግሞ በአብዛኛው በሚሸጡበት ጊዜ ነው። ገዢው በመድረኩ ላይ አንድ ስም ይዞ፣ ብሩ ግን ከሌላ ሰው ሂሳብ ይመጣል። ያ ሌላው ሰው የተጭበረበረ ከሆነና ለፖሊስ ወይም ለባንኩ ካመለከተ፣ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ የአንተ ነው። ዩኤስዲቲው ሄዷል፣ ብሩ ታግዷል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የላኪው ስም በመድረኩ ከተረጋገጠው የገዢው ስም ጋር በአባት ስም ጭምር ካልገጠመ ዩኤስዲቲውን አለመልቀቅ፣ ገንዘቡ ወደ መጣበት እንዲመለስ ማድረግና በመድረኩ በኩል ቅሬታ መክፈት። «ወንድሜ ነው የላከው» የሚለው ማብራሪያ እውነት ቢሆንም እንኳ ምንም አይለውጥም።

ወደ ሁለተኛው አደጋ እንምጣ። ዩኤስዲቲን አንድ ዶላር የሚያደርገው ምንድን ነው? ኮዱ አይደለም። ቴዘር የተባለው አውጪ ድርጅት «አንድ አምጣና አንድ ዶላር ውሰድ» ማለቱ ነው። ገበያ ላይ ዋጋው 0.99 ቢሆን ትልልቅ ነጋዴዎች በ0.99 ገዝተው ለድርጅቱ በ1 ይመልሳሉ፤ ግዢያቸው ዋጋውን መልሶ ያነሳዋል። እኩልነቱን የሚጠብቀው ይህ መስኮት ነው። እኔና አንተ ግን መስኮቱ ጋ አንደርስም። ቴዘር በቀጥታ የሚመልሰው ቢያንስ 100,000 ዶላር ለሚያመጣ ማንነቱ ለተረጋገጠ ደንበኛ ነው፤ ክፍያው 0.1 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠው። የሁለተኛው ትልቅ ስቴብልኮይን የዩኤስዲሲ አውጪ ሰርክልም በቀጥታ የሚያስተናግደው ተቋማትን ነው። ተራ ቆጣቢ ያለው መውጫ ለሌላ ሰው መሸጥ ብቻ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ያ ሌላ ሰው ስንት እንደሚሰጥ አይታወቅም።

መስኮት ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የዩኤስዲሲ አንድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ዓርብ መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023) የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪዎች ሲሊከን ቫሊ ባንክን ዘጉ። በዚያው ምሽት ሰርክል ዩኤስዲሲን ከሚደግፈው 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 3.3 ቢሊዮኑ በዚያ ባንክ እንዳለ አስታወቀ። የአሜሪካ ባንኮች ቅዳሜና እሑድ አይሠሩም፤ ስለዚህ መስኮቱ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። የአሜሪካው የክሪፕቶ መገበያያ ኮይንቤዝም ዩኤስዲሲን ወደ ዶላር መቀየሩን እስከ ሰኞ አቆመ። ገበያው ግን አይተኛም። ቅዳሜ ዕለት ዩኤስዲሲ ወደ 87 እና 88 ሳንቲም አካባቢ ወረደ። ሀብቱን በከፊል በዩኤስዲሲ ያስቀመጠው ዳይ የተባለው ስቴብልኮይንም ተከትሎት ወደቀ፤ ሁለቱንም ይዞ «አከፋፍያለሁ» ያለ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የያዘው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልሠራው አንድ አጭር ስሌት አለ። 3.3ን ለ40 ስናካፍል 8.25 በመቶ ነው። ባንኩ ውስጥ ያለው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቢጠፋ እንኳ እያንዳንዱ ዩኤስዲሲ ከኋላው 92 ሳንቲም ገደማ ይቀረው ነበር። በ87 የሸጠ ሰው ከከፋው ውጤት በታች ሸጠ ማለት ነው። እሑድ ማታ የአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ ፌዴራል ሪዘርቭና የተቀማጭ መድን ድርጅቱ የባንኩ ደንበኞች ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ እንደሚያገኙ አስታወቁ፤ ሰኞ ዋጋው ወደ አንድ ዶላር ተጠጋ። የከሰረው ቅዳሜ የሸጠው ነው። በዚያ ቀን የሸጠው ሁሉ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ለቤት ኪራይ ወይም ለሕክምና ገንዘቡ የግድ ያስፈለገው ሰው ምርጫ አልነበረውም። መጠባበቂያን ሙሉ በሙሉ በስቴብልኮይን መያዝን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። እኩልነቱ በሁለት ቀን ቢመለስም ሁለት ቀን መጠበቅ የማይችል ገንዘብ አለ።

እንዲህ ዓይነቱን ስሌት መሥራት የሚቻለው ግን ከኋላ የሚቆጠር ሀብት ሲኖር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የወደቀው ዩኤስቲ የተባለ ስቴብልኮይን ከኋላው የዶላር ካዝና አልነበረውም። የእሱ መስኮት የሚከፍለው ሉና በተባለ፣ ራሱ ሥርዓቱ እንደፈለገ በሚፈጥረው ሳንቲም ነበር፤ አንድ ዩኤስቲ ላመጣ የአንድ ዶላር ሉና ይሰጣል። ሰው ለመውጣት ሲሯሯጥ ሉና በገፍ ተፈጠረ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ለቀጣዩ ሰው ደግሞ ከዚያ የበዛ ሉና መፍጠር ግድ ሆነ። በቀናት ውስጥ ዩኤስቲ ወደ 30 ሳንቲም ወረደ፣ ቀጥሎ ከዚያም በታች። ለመከላከያ ተይዞ የነበረው 80,000 ገደማ ቢትኮይን አላዳነውም። ሰዎችን እዚያ የሰበሰባቸው አንከር የሚባል ማስቀመጫ የሚከፍለው 20 በመቶ አካባቢ ወለድ ነበር። ዛሬም ዩኤስዲቲህን አስቀምጥና በዓመት 15 ወይም 20 በመቶ ውሰድ የሚል ሲመጣ፣ የአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ ቦንድ ከሚከፍለው በላይ ያለው ወለድ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ገንዘብህ ለሌላ ሰው በብድር ተሰጥቷል፣ ወይም ከአንተ በኋላ ከሚገባው ሰው ኪስ ይከፈላል ነው።

ቴዘርስ? ታሪኩ ንጹሕ አይደለም። የአሜሪካው የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 የ41 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲጥልበት፣ ከ2016 እስከ 2018 ባለው የ26 ወር ጊዜ ውስጥ ዩኤስዲቲ በሙሉ ዶላር የተደገፈው በ27.6 በመቶዎቹ ቀናት ብቻ እንደነበር ገልጿል። ዛሬ አብዛኛው ሀብቱ የአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ ቦንድ ነው፤ በየሦስት ወሩም የሂሳብ ባለሙያ ማረጋገጫ ያወጣል። ማረጋገጫው ግን በአንድ ቀን የነበረውን ሂሳብ የሚያሳይ ነው፤ ሙሉ ኦዲት አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ዩኤስቲ በወደቀበት ሳምንት ዩኤስዲቲ ለሰዓታት ወደ 95 ሳንቲም ቢወርድም መስኮቱ ክፍት ሆኖ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር መልሶ ከፍሏል። እኔ ለጊዜያዊ ማስተላለፊያ አምነዋለሁ፤ ለአሥር ዓመት ቁጠባ አላምነውም። ድርጅቱ አንድን አድራሻ በርቀት ማገድ እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ የተሰረቀ ገንዘብ ነክቷል ተብሎ የታገደ አድራሻ ውስጥ ያለ ዩኤስዲቲ ይታያል እንጂ አይንቀሳቀስም።

ከዶላሩ መላቀቁን በብር ዋጋ ማወቅ አይቻልም። ፒቱፒ ላይ 164 የነበረው በአንድ ቀን 158 ቢሆን፣ ብር ጠንክሮ ሊሆን ይችላል፣ ገዢዎች በበዓል ምክንያት ጠፍተው ሊሆን ይችላል፣ ዩኤስዲቲ ራሱ ወርዶም ሊሆን ይችላል። መለያው ዩኤስዲቲ ከእውነተኛ የባንክ ዶላር ጋር የሚገበያይበትን ዋጋ ማየት ነው፤ ለምሳሌ ክራከን በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ USDT/USD የሚለውን። ከ0.999 እስከ 1.001 ባለው ውስጥ ከሆነ ዩኤስዲቲ ደህና ነው፣ ጉዳዩ የአገር ቤቱ ገበያ ነው። ከ0.995 በታች ሆኖ ለሰዓታት ከቆየ ነጋዴዎቹ መስኮቱን እየተጠራጠሩ ነው ማለት ነው። ያኔ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ወረደ» ሳይሆን «ድርጅቱ አሁን እየመለሰ ነው ወይ? ጎደለ የተባለውስ ከጠቅላላው ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ነው። ሁለቱም መልስ ካላቸው ወለሉን ራስህ አስልተህ መጠበቅ ትችላለህ። መልስ ከሌላቸው ደግሞ በ97 መሸጥ በ60 ከመሸጥ ይሻላል። በዚያ ሰዓት ፒቱፒ ላይ ያሉ ገዢዎች ማስታወቂያቸውን እንደሚያነሱ ወይም ዋጋውን ከዓለም ገበያው ቅናሽ በላይ እንደሚቀንሱት አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ የስድስት ብሩ ልዩነት ያን ቀን ሃያ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ወይም ደመወዙን በውጭ ምንዛሪ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሌላ በር ይሞክር። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ በለቀቀበት በዚያው ሐምሌ ባወጣው መመሪያ፣ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ደመወዝ ወይም የቤት ኪራይ ላይ ተመሥርቶ ግለሰቦች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል። እዚያ የሚገባው ዶላር የ3.8 በመቶ መግቢያና መውጫ የለበትም፣ TRX አይጠይቅም፣ ቅዳሜ ማታም ወደ 87 ሳንቲም አይወርድም። ምንጩ ብር ብቻ ለሆነ ሰው ግን ይህ በር አይከፈትም።